«ሙከራ ላይ ነሽ» ብለው ከአራት ወር በኋላ ካሰናበቱሽ

ሰላም ጎንደሮች። ጥምቀት አልፎ እንግዳው ሲመለስ በየሆቴሉ ሰው ይቀነሳል፤ በየዓመቱ የማየው ነገር ነው። እኔ የሠራተኛ ክርክር ጉዳዮችን ለዓመታት የያዝኩ ሰው ነኝ። ስለ ሙከራ፣ ስለ ማስጠንቀቂያና ስለ ስንብት ክፍያ ጠይቁኝ። መልሴ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነው።

«ፒያሳ አካባቢ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ነበርኩ። ጥቅምት 1 ጀመርኩ፣ ደመወዜ 6,000 ብር ነው። የፈረምኩት ውል የለም። የካቲት 15 ማታ ሒሳብ ሳስረክብ ማናጀሩ "ሙከራ ላይ ስለሆንሽ ከነገ ጀምሮ አትምጪ" አለኝ። ወረቀት አልሰጠኝም። ምንም አይደርሰኝም ማለት ነው?»

ይደርስሻል እህቴ። ሙከራ የሚባለው ነገር በጽሑፍ ካልተደረገ የለም። ማናጀሩ ሲቀጥርሽ በቃል ነግሮሽ ይሆናል፣ ግን በቃል የተባለ ሙከራ ሕጉ ፊት አይቆምም። ውል አለመፈረምሽ ደግሞ የሚጎዳው እሱን ነው እንጂ አንቺን አይደለም፤ የቃል ቅጥርም ቅጥር ነው።

ጽሑፍ ቢኖረው እንኳ ጊዜው አልፎበታል። ሙከራ ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ከሠራሽ አሥር ሳምንት ማለት ነው፣ ስለዚህ ያንቺ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ አልቋል። ከዚያ በኋላ ያለ በቂ ምክንያትና ያለ ጽሑፍ «አትምጪ» ማለት ከሕግ ውጭ ማሰናበት ነው።

አሁን ዋናው ነገር፦ ቤት እንዳትቀሪ! ብዙ ሰው ተናዶ ይቀራል፣ ከሳምንት በኋላ አሠሪው «እኔ አላባረርኳትም፣ ራሷ ጠፋች» ይላል። ነገ ጠዋት በሰዓትሽ ሂጂ፣ አንድ ሰው ይዘሽ። ካላስገቡሽ «በዚህ ቀን ለሥራ መጥቼ ተከለከልኩ፣ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠኝ» የሚል አጭር ደብዳቤ አስገቢ፣ ኮፒው ላይ አስፈርሚ። አንቀበልም ካሉ አብሮሽ የሄደው ሰው ምስክርሽ ነው።

«ሙከራ እኮ 45 ቀን ነው። ልጅቷ 45 ቀን ካለፋት ቋሚ ናት፣ ማንም ሊነካት አይችልም።»

ግማሹ ልክ ነው ወንድሜ። 45 ተከታታይ ቀን የነበረው በድሮው አዋጅ በ377/96 ነው። አሁን 60 የሥራ ቀን ሆኗል፣ በዓልና የእረፍት ቀን አይቆጠርም። «ማንም ሊነካት አይችልም» የሚለው ግን ትክክል አይደለም። ሙከራ የጨረሰ ሠራተኛም በበቂ ምክንያት ይሰናበታል፤ ልዩነቱ ምክንያቱና ቀኑ በጽሑፍ መነገሩ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ማስጠንቀቂያ ይቀድመዋል። ማስጠንቀቂያው እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ አንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላለው ሁለት ወር፣ ከዚያ በላይ ሦስት ወር ነው።

«አስተናጋጇ ነኝ። ስንት ነው የሚደርሰኝ? ሰርቪስ ቻርጅ ሲጨመር በወር እስከ 9,000 አገኝ ነበር።»

ሰርቪስ ቻርጁን እርሺው፣ ሕጉ ደመወዝ አይለውም። የምናሰላው በ6,000 ነው፣ በቀን 200 ብር። ስንብቱ ከሕግ ውጭ ነው ተብሎ ወደ ሥራ ካልተመለስሽ ካሳው የ180 ቀን ደመወዝ ነው፣ 36,000 ብር። ማስጠንቀቂያ ስላልሰጡሽ የአንድ ወር 6,000 ይጨመራል። የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፣ ዓመት ላልሞላው በሠራበት ልክ ይቀነሳል፤ ላንቺ አራት ወር ተኩል ስለሆነ 2,250 ብር ይመጣል። ድምሩ 44,250 ነው። ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድና ያልተከፈለሽ ደመወዝ ካለ ለብቻው ጠይቂ።

ቀኑን ግን ጠብቂ። ወደ ሥራ ልመለስ ካልሽ ክሱን በሦስት ወር ውስጥ፣ ማለትም እስከ ግንቦት አጋማሽ ማቅረብ አለብሽ። ገንዘብ ብቻ ከሆነ ስድስት ወር አለሽ። የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄዶ ማመልከት ጥሩ ነው፣ አንዳንዴ በስልክ ብቻ ያስማሙልሻል። ነገር ግን እዚያ ስትመላለሺ ጊዜው እንዳያልፍብሽ፣ ካሳ የሚፈርደው ፍርድ ቤት ነው።

«እኔ ደግሞ ቀጣሪ ነኝ። ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። ከጥምቀት በኋላ ክፍሎቹ ባዶ ናቸው። ደመወዝ ከየት ላምጣ? ሁሌ ጥፋተኛው አሠሪ ነው?»

አይደለም፣ ጥያቄህም ልክ ነው። ሕጉ ሥራ ሲቀዘቅዝ ሰው ማሰናበትን አልከለከለም፤ መንገዱን ነው ያስቀመጠው። ለበዓሉ ብቻ የምትፈልገውን ሰው ከመጀመሪያው «ከታኅሣሥ እስከ ጥር መጨረሻ» ብለህ በጽሑፍ ቅጠረው፣ ወቅቱ ሲያልቅ ውሉም ያልቃል። ዓመቱን ሙሉ የሚያስፈልግህን አስተናጋጅ እንዲህ ብትቀጥር ግን ዳኛው ላይቀበልህ ይችላል። ቋሚውን ሠራተኛ ሥራ ስለቀነሰ ብታሰናብት ምክንያቱን ጽፈህ፣ ማስጠንቀቂያውን ሰጥተህ፣ የስንብት ክፍያውን ከፍለህ ነው። ሥራው በእርግጥ መቀነሱን ደግሞ የምታስረዳው አንተ ነህ፣ የእንግዳ መዝገብህን አቆይ።

«ጋሼ፣ የኔም ከሷ ጋር አንድ ነው። ስድስት ዓመት ጋራዥ ሠርቼ ባለፈው ወር ራሴ ለቀቅኩ። 180 ቀን ካሳዬን እንዴት ላግኝ?»

ያንተ ይለያል ወንድሜ። ራስህ ለቀህ ካሳ የለም፣ ያባረረህ የለምና። ግን ባዶ እጅህን አትወጣም። አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ አገልግሎ በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ሰው፣ ድርጅቱ አሠልጥኖት «ይህን ያህል ጊዜ አገለግላለሁ» ብሎ የፈረመው ውል ከሌለበት፣ የስንብት ክፍያ ያገኛል። ደመወዝህ 9,000 ነበር እንበል። ለመጀመሪያው ዓመት 9,000፣ ለቀሩት አምስት ዓመታት ለእያንዳንዳቸው ሲሶው 3,000፣ በድምሩ 24,000 ብር። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተህ ነበር? ያንን አልነገርከኝም። ካልሰጠህ አሠሪው ሊጠይቅህ የሚችለው ነገር ስላለ መጀመሪያ ደብዳቤህን ፈልግ።

«የመንግሥት ት/ቤት መምህር ነኝ፣ ይመለከተኛል?»

አይመለከትህም። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግ አለው።

«አስተናጋጇ ነኝ። ዛሬ ደውለው "ነይ የወሩን ደመወዝሽን ውሰጂ፣ ክሊራንስ ላይ ምንም ጥያቄ የለኝም ብለሽ ፈርሚ" አሉኝ። ልፈርም? ደግሞ "አትምጪ" ሲለኝ የሰማው ዘበኛው ብቻ ነው፣ እሱም እንጀራውን ፈርቶ አልመሰክርም ብሏል።»

ደመወዝሽን ውሰጂ። የተቀበልሽውን መጠን ጽፈሽ «የየካቲት ደመወዝ» ብለሽ ፈርሚ። «ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚለውን አትፈርሚ። በሕግ የተሰጠሽን መብት በፊርማ ብትተዪ ውጤት የለውም፣ ነገር ግን ችሎት ላይ ያንን ወረቀት ሲያወጡብሽ ማስረዳቱ ያደክምሻል።

ዘበኛውን አታስገድጂው። በፍርድ ቤት መጥሪያ ቢጠራ ምን እንደሚል አሁን ማወቅ አይቻልም፣ ይሄ የጉዳይሽ ደካማ ጎን ነው። ሌላ ማስረጃ ሰብስቢ። ደመወዝሽ በባንክ ይገባ ከነበረ ከጥቅምት ጀምሮ ያለውን ስቴትመንት አውጪ። የፈረቃ ፕሮግራም የሚለጠፍበት የቴሌግራም ግሩፕ ካላችሁ ስምሽ ያለበትን ሁሉ ስክሪንሾት አድርጊ፣ ዛሬውኑ፣ ከግሩፑ ሳያስወጡሽ። አሁን የደወሉልሽንም ቁጥርና ሰዓት ያዢው፤ «ራሷ ጠፋች» የሚሉ ከሆነ ክሊራንስ ፈርሚ ብለው ለምን እንደደወሉ ይጠየቃሉ።