ትረካውን ከፉቴጁ ጀምሩት

ሰላም ልጆቼ፣

ለማብራሪያ ቪዲዮ ትረካ የምትጽፉ ልጆች የምታሳዩኝ ስክሪፕት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ጽሑፉ ለጋዜጣ ቢሆን ያምራል፤ ኤዲተሩ ጋ ሲደርስ ግን የሚለብሰው ምስል ያጣል። ኤዲተሩ ምን ያድርግ? ያገኘውን ይለጥፋል። ስለ ቡና ዋጋ ሲወራ ጀበና፣ ስለ ኤክስፖርት ሲወራ ጀበና፣ ስለ ገበሬው ድካም ሲወራም ያው ጀበና። ተመልካቹ በጆሮው አንድ ነገር፣ በዓይኑ ሌላ ነገር ይሰጠውና ሁለቱም ያመልጡታል። ጥፋቱ የኤዲተሩ ነው ብላችሁ እንዳታሙት፤ ነገሩ የተበላሸው እናንተ ፉቴጁን ሳታዩ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር የጻፋችሁ ጊዜ ነው።

በቡናው እንቀጥል፤ እኔም የማውቀው ነገር ስለሆነ ይቀለኛል። ሁለት ደቂቃ የሚሆን «የታጠበ ቡና ሲባል ምን ማለት ነው?» የሚል ቪዲዮ ታዘዛችሁ እንበል። ለሌላ ፕሮግራም ጌዴኦ ዞን፣ ይርጋጨፌ አካባቢ የተቀረጸ ፉቴጅ ሃርድ ዲስክ ላይ አለ። እንደገና ወጥቶ ለመቅረጽ በጀት የለም። ትረካው እንግዲህ ባለው ምስል ልክ መሰፋት አለበት።

መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ ሁሉንም እዩት፤ ስታዩም መዝግቡ። «ቡና ሲታጠብ» ብሎ መመዝገብ ዋጋ የለውም። የሚጠቅማችሁ የፋይሉ ስም፣ ካሜራው ሳይናወጥ የሚቆይበት ሰከንድ፣ በመጨረሻው ላይ የሚሆነው ነገርና ፊቱ የሚታይ ሰው መኖር አለመኖሩ ነው። ለምሳሌ፦ «C0047፤ ማጠቢያ ቦይ፤ ሠራተኞች በእንጨት መግፊያ ቡናውን ወደ ላይ ይገፋሉ፤ 14 ሰከንድ፤ በ9ኛው ሰከንድ ላይ ተንሳፋፊው ፍሬ በካሜራው ፊት ያልፋል፤ ፊት አይታይም።» ይቺ «በ9ኛው ሰከንድ» የምትለው ማስታወሻ ኋላ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ትሰጣችኋለች።

ያላወቃችሁትን ሾት ደግሞ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ከእንዲህ ያለ ፉቴጅ ውስጥ አንድ እጅ ከገንዳ ጥቂት ፍሬ ዘግኖ ሲያሽ የሚያሳይ ክሎዝ አፕ አይጠፋም፤ ካሜራማኑ ስላማረው የቀረጸው ነው። ላየው ሰው ቡና የነካ እጅ ነው። የማጠቢያ ጣቢያ ሠራተኛ ብትጠይቁ ግን ይህ ፍተሻ መሆኑን ይነግራችኋል። ፍሬው በእጅ ሲታሽ ካሟለጨ በላዩ ላይ የተጣበቀው ሙጫ ገና አልለቀቀም፤ እንደ ጠጠር ከሻከረ ሙጫውን የሚያላላው መብላላት አብቅቷል፣ ይታጠብ። በመዝገባችሁ ላይ «እጅ፣ ቡና» ብላችሁ ብታልፉት ኖሮ የቪዲዮውን ምርጥ ስድስት ሰከንድ ለማስጌጫ ታውሉት ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው መጻፍ። እዚህ ላይ የእኛ ቋንቋ የራሱ የሆነ ፈተና አለው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ገላጩንም ከተገላጩ በፊት ይደረድራል። በወረቀት ላይ ይህ ችግር የለውም። ይህን ዓረፍተ ነገር ግን ከምስል ጋር አስቡት፦

«በጌዴኦ ዞን በሚገኘው የይርጋጨፌ ወረዳ በአርሶ አደሮች ተለቅሞ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ የሚመጣው እሸት ቡና በመጣበት ዕለት በማሽን ይፈለፈላል።»

አሥራ ስምንት ቃል ነው። እኔ በረጋ ድምፅ ሳነብ በሰከንድ ሁለት ቃል ገደማ ስለምል ዘጠኝ ሰከንድ ይወስዳል። «ቡና» የሚለው ቃል የሚሰማው ሰባተኛው ሰከንድ ላይ ነው። ማሽኑ የሚጠራው ከዚያም በኋላ ነው። ኤዲተሩ የመፈልፈያውን ማሽን የት ያስገባው? መጀመሪያ ላይ ካስገባው ተመልካቹ ስለ ወረዳ እየሰማ የሚሽከረከር ብረት ያያል። መጨረሻ ላይ ካስገባው ምስሉ አንድ ሰከንድ ታይቶ ይጠፋል። ሰው የአንድን ሾት ይዘት ለመረዳት ጊዜ ያስፈልገዋል፤ እንደ ማሽን ያለ የማያውቀው ነገር ሲሆን ደግሞ የበለጠ ይፈልጋል።

መፍትሔው የሚታየውን ነገር ፊት ማምጣትና ዓረፍተ ነገሩን በሾቱ ልክ መቁረጥ ነው። የለቃሚዋ እጅ ላይ፦ «እሸቱ የሚለቀመው ከጌዴኦ ገበሬዎች ጓሮ ነው።» ጆንያው ከጭነት ሲወርድ፦ «ወደ ጣቢያው ግን በዚያው ቀን መድረስ አለበት፤ ካደረ ጣዕሙ ይበላሻል።» ከዚያ ማሽኑ ይመጣል፣ እናንተም ሁለት ሰከንድ ዝም ትላላችሁ። የመፈልፈያ ድምፅ ራሱ ተራኪ ነው፤ በላዩ ላይ ማውራት አያስፈልግም። ቀጥሎ፦ «ማሽኑ ቀዩን ልጣጭ ገፎ ይጥለዋል።» ስክሪፕቱ ላይ ይህን ዝምታ በግልጽ ጻፉት፤ ካልጻፋችሁት ትረካውን የሚያነበው ሰው ይሞላዋል።

አማርኛ በአንድ በኩል ያስቸገረንን በሌላ በኩል ይክሰናል። «ተለቅሞ፣ ተፈልፍሎ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ» እያለ የሚሄደው አነጋገር ለሞንታጅ የተፈጠረ ይመስላል፤ በእያንዳንዱ ግስ ላይ አንድ ሾት ይቆረጣል። ለመግቢያ ወይም ለመዝጊያ ፈጣን ቅኝት ተጠቀሙበት። ለማብራሪያው መሐል ግን አይሆንም፤ ተመልካቹ እያንዳንዱን ደረጃ ለመረዳት ጊዜ ያንሰዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ምስሉ የሚያሳየውን አትድገሙት፣ ምስሉ ሊናገር ያልቻለውን ንገሩለት። በማድረቂያ አልጋዎቹ ላይ ሠራተኞች እኩለ ቀን ላይ ሸራ ሲያለብሱ የሚያሳይ ሾት አለ። «ሠራተኞች ቡናውን በሸራ ይሸፍናሉ» ብትሉ ዓይን ላለው ሰው የምታባክኑት ሁለት ሰከንድ ነው። የሚያየው ሰው የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ሊደርቅ የተሰጣን ነገር ፀሐይ በበረታበት ሰዓት ለምን ይሸፍኑታል? ስለዚህ እንዲህ በሉ፦ «በኃይለኛ ፀሐይ ቶሎ ከደረቀ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል።» ሸራውም መጠራት አላስፈለገውም። ለቦዩ ሾትም እንደዚሁ፦ «ከባዱ ፍሬ ከሥር ይቀራል፤ ቀላሉ ተንሳፎ ያልፋል።» «ቀላሉ» የሚለው ቃል ያ ዘጠነኛው ሰከንድ ላይ እንዲወድቅ ከፊቱ ስንት ቃል እንደሚያስፈልግ ቆጥራችሁ ጻፉ።

ምስሉ የማይንቀሳቀስበት ጊዜም አለ። የማብላያ ገንዳው ከላይ ሲታይ ዝም ያለ ውሃና ቡና ነው፤ ያለው ሾት አምስት ሰከንድ። ሊነገር የሚገባው ግን ብዙ ነው፤ ጥቃቅን ተሕዋስያን በፍሬው ላይ የቀረውን ሙጫ እንደሚያላሉት፣ ይህም እንደ አየሩ ቅዝቃዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ሊወስድ እንደሚችል። ይህን ሁሉ አምስት ሰከንድ ላይ መጫን አይቻልም። ሾቱን ማዘግየት ወይም ሁለቴ መድገም ደግሞ ያስታውቃል። ያን የሚያሽ እጅ ያስቀመጥነው ለዚህ ነው። ገንዳው ላይ፦ «ቀጣዩ ሥራ የሚሠራው በማይታዩ ተሕዋስያን ነው፤ ሙጫውን ያላሉታል።» እጁ ላይ፦ «አንድ ቀንም ሦስት ቀንም ሊፈጅ ይችላል። ማብቃቱን የሚያውቁት በእጃቸው ነው፤ ሲሻክር ደርሷል።» የሚታየው እጅ ለማይታየው ሥራ ምስል ሆነለት።

ከሁሉ የሚያሳፍረው ስህተት ቡናን የሚያውቅ ሰው የሚስቅበት ነው። አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ሁሉ አንድ አይደለም። የታጠበው ነጣ፣ ክሬም መሰል ይላል፤ ልጣጩ ወልቋልና። ከነልጣጩ የሚደርቀው መጀመሪያ ቀይ፣ ኋላ የጠቆረ ነው። ሃርድ ዲስኩ ላይ ሁለቱም ይኖራሉ፤ ቀዩ ደግሞ ለዓይን ይበልጥ ስለሚያምር ኤዲተሩ እጁ ወደዚያ ይሄዳል። «የታጠበው ቡና እርጥበቱ 12 በመቶ ገደማ እስኪደርስ ይደርቃል» እያላችሁ ቀይ ፍሬ ካሳያችሁ፣ ያስረዳችሁትን ልዩነት በራሳችሁ እጅ አፈረሳችሁት። ስለዚህ ስክሪፕቱ ላይ የፋይሉን ስም ከዓረፍተ ነገሩ ጎን ጻፉ፤ «የቡና ሾት» ብላችሁ ለኤዲተሩ አትተዉለት። ቀዩን ከወደዳችሁት የራሱን ቦታ ስጡት፦ «ይህ ደግሞ ያልታጠበው ነው፤ ከነልጣጩ ይደርቃል።» ንጽጽሩም በነፃ ተገኘ።

ምስል የሌለው ሐሳብ ሲመጣ፣ ለምሳሌ ስለ ዋጋ ልዩነት ማውራት ሲያስፈልግ፣ ሦስት ምርጫ አላችሁ። ግራፊክስ ማሠራት፣ ሐሳቡን ቃለ መጠይቅ ለተደረገለት ሰው መተው፣ ወይም መሰረዝ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ወጣት ሳላችሁ ግን አይዋጥላችሁም። ግራፊክስ ካሠራችሁ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውና የሚነበበው ቁጥር አንድ ይሁን። ስክሪኑ «11.5%» እያለ ተራኪው «አሥራ ሁለት በመቶ ገደማ» ካለ ተመልካቹ የትኛው ልክ እንደሆነ ሲያስብ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ያመልጠዋል።

አንድ ነገር ግን ከውበትም ከፍጥነትም በላይ አጥብቄ እነግራችኋለሁ። «አንዳንድ ሰብሳቢዎች ያልበሰለ ፍሬ ይቀላቅላሉ» የሚል መስመር ጽፋችሁ ከሆነ፣ በዚያ መስመር ላይ ፊቱ የሚለይ ሰው እንዳይገባ በስክሪፕቱ ላይ ጻፉ። ያ ሰው ለሌላ ፕሮግራም ፈቅዶ የተቀረጸ፣ ምንም ያላጠፋ ሠራተኛ ነው። የገጠር መንደር ትንሽ ነው፣ ሰው ይተዋወቃል፤ በሦስት ሰከንድ ምስል ሌባ ተብሎ ሊቀር ይችላል። ለእንዲህ ያለው መስመር የፍሬውን ክሎዝ አፕ፣ አረንጓዴና ቀይ የተቀላቀለበትን፣ አስቀምጡ። «ይህ»፣ «እነዚህ» የሚሉትን ቃላትም የተባለው ነገር ራሱ እስካልታየ ድረስ አትጠቀሙባቸው። «እነዚህ ገበሬዎች» ካላችሁ የሚታዩት እነዚያው መሆን አለባቸው፤ ካልሆኑ «የአካባቢው ገበሬዎች» በሉ።

ስክሪፕቱ ሲያልቅ ስቱዲዮ ከመግባታችሁ በፊት በስልካችሁ ድምፃችሁን ቅዱና ለኤዲተሩ ስጡት፤ በዚያ ላይ ይቁረጥ። ከዚያ አብራችሁ ሁለቴ እዩት። አንዴ ድምፁን አጥፍታችሁ፤ የሥራው ቅደም ተከተል በምስል ብቻ ካልገባ ሾቶቹ ተዛንፈዋል። አንዴ ደግሞ ፊታችሁን ከስክሪኑ አዙራችሁ ድምፁን ብቻ ስሙ። ድምፁ ብቻውን ሙሉ በሙሉ ከገባችሁና ምንም ካልጎደላችሁ፣ ምስሉ የሚናገረውን ደግማችሁ ጽፋችኋል ማለት ነው፤ የትኞቹ ቃላት እንደሚወጡ የዚያን ጊዜ ምልክት አድርጉባቸው። እኔ በዚህ ደረጃ ከስክሪፕቱ ሩቡን ያህል አወጣለሁ፤ አንባቢው ስቱዲዮ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።