ስቶፕ 45 ላይ አስቀምጬ ለምን በ39 ተሸጠ? ስለ አክሲዮን ትዕዛዞች የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ የአክሲዮኑ ዋጋ 20.05 ዶላር ይላል። በማርኬት ኦርደር 600 አክሲዮን ገዛሁ፤ ደረሰኙ ላይ ግን ከ20.10 በላይ ነው። ብሮከሩ ቆርጦብኝ ይሆን? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እንደዚያ አይመስልም። ሻጮች በዋጋቸው ቅደም ተከተል ተሰልፈው ይጠብቃሉ፣ ስልክዎ የሚያሳየው ደግሞ የሰልፉን መጀመሪያ ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት በ20.05 የሚሸጥ 200 አክሲዮን፣ ከሱ ቀጥሎ በ20.08 የሚሸጥ 100፣ ከዚያ በ20.15 የሚሸጥ 300 ነበረ እንበል። ማርኬት ኦርደር የሚለው «አሁኑኑ ግዛልኝ» ብቻ ስለሆነ፣ ስድስት መቶው እስኪሞላ ድረስ ሰልፉን እየበላ ይወጣል። ሲደመር 12,063 ዶላር፣ ለአንዱ 20.105 ይሆናል። መጀመሪያ ካሰቡት 33 ዶላር በልጧል ማለት ነው።

ገበያው ሲሮጥ ይህ ልዩነት ይሰፋል። ዜና ሲወጣ ሻጮቹ ትዕዛዛቸውን በሰከንድ ክፍልፋይ እያነሱ ወደ ላይ ይሸሻሉ፤ እርስዎ ያዩት 20.05 ጣትዎ ቁልፉን ሲነካ ላይኖር ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ 20.10 ብለው ሊሚት ይስጡ፣ ማለትም «ከዚህ በላይ አልከፍልም» ይበሉ። ከላይ ባለው ሰልፍ ላይ 300 አክሲዮን ወዲያው ይገዛልዎታል፣ ቀሪው 300 ግን በ20.10 ገዢ ሆኖ ተሰልፎ ሻጭ እስኪመጣ ይጠብቃል። እንደ አፕል ባሉ ብዙ በሚገበያዩ ትልልቅ አክሲዮኖች ላይ፣ በተረጋጋ ቀን፣ ለጥቂት አክሲዮን ማርኬት ኦርደር አይጎዳም። ገዢና ሻጭ በሚሳሳበት ትንሽ አክሲዮን ላይ ግን ፈጽሞ አልመክርም።

ጥያቄ፦ 20 ዶላር ብዬ የመግዣ ሊሚት አስቀመጥኩ። ቻርቱ ላይ 20.00 ነክቶ ተመለሰ፣ ለኔ ግን አንድም አልተገዛም። ለምን?

መልስ፦ ከፊትዎ ሰው ስለነበረ። በአንድ ዋጋ ላይ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይገዛል። በ20.00 ከእርስዎ በፊት 4,000 አክሲዮን የሚጠብቁ ገዢዎች ከነበሩና በዚያ ዋጋ የተሸጠው 2,500 ብቻ ከሆነ፣ ተራው እርስዎ ጋ ሳይደርስ ዋጋው ተነሥቷል። ወደ 19.99 ቢወርድ ኖሮ የ20.00 ሰልፍ በሙሉ ማለቅ ስላለበት ይገዛልዎት ነበር። በዚህ ውስጥ ያለውን መራራ ነገር ልብ ይበሉ፦ የመግዣ ሊሚት በሙሉ የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው አልፎት ሲወርድ፣ ማለትም በገዙ ማግስት ርካሽ በሚሆንበት ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ በ50 ዶላር የገዛሁት 100 አክሲዮን አለኝ። ከ45 በታች እንዳልከስር ስቶፕ 45 ላይ አደረግሁ። ማታ በ47.20 ዘጋ፤ በማግስቱ ስነቃ በ38.95 ተሸጧል። 45 የታለ? (ከዳላስ)

መልስ፦ 45 የመቀስቀሻ ዋጋ ነው እንጂ የመሸጫ ዋጋ አልነበረም። የመሸጫ ስቶፕ ተኝቶ የሚጠብቅ ትዕዛዝ ነው፤ አክሲዮኑ በ45 ወይም ከዚያ በታች ሲገበያይ ይነቃና ወደ ማርኬት ኦርደር ይቀየራል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ ለመጀመሪያው ጠያቂ የተነገረው ነው፣ ሰልፉ ብቻ የገዢዎች ሰልፍ ይሆናል።

የእርስዎ ነገር ኩባንያው ገበያ ከተዘጋ በኋላ የሩብ ዓመት ውጤቱን ሲያወጣ የሚከሰተው ዓይነት ይመስላል። በኒው ዮርክ ሰዓት ጠዋት 9:30 ላይ ገበያው በ39.10 ገደማ ሲከፈት፣ በመደበኛው የገበያ ሰዓት በ47.20 እና በ39.10 መካከል አንድም ግብይት አልተደረገም። በ45 የሚገዛ ሰው ስላልነበረ በ45 የሚሸጥበት መንገድም አልነበረም። ስቶፑ በመጀመሪያው ግብይት ነቃ፣ እንደርስዎ ካሉ ሌሎች ስቶፖች ጋር እኩል ወደ ገበያው ገባ፣ ቀሪው 15 ሳንቲም በዚያ ግፊያ ሄደ። 500 ዶላር ብለው ያሰቡት ኪሳራ 1,105 ሆነ።

ሌሊት ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 24 ቀን 2015፣ ሰኞ ጠዋት፣ ዳው ጆንስ በተከፈተ ደቂቃዎች ውስጥ ወደ 1,100 ነጥብ ወረደ። ያን ቀን የከፋው የደረሰው ኢቲኤፍ፣ ማለትም ብዙ አክሲዮኖችን ጠቅልሎ እንደ አንድ አክሲዮን የሚሸጥ ፈንድ፣ በያዙ ሰዎች ላይ ነበር። በውስጣቸው ያሉት አክሲዮኖች ያን ያህል ሳይወርዱ አንዳንዶቹ ፈንዶች ከሲሶ በላይ ዝቅ ብለው ተሸጡ። ገዢዎች ገለል ባሉበት ሰዓት አንዱ ስቶፕ ነቅቶ የቀሩትን ጥቂት ገዢዎች በላ፣ ዋጋው ወረደ፣ ያ ደግሞ ከታች የተቀመጠውን ስቶፕ ቀሰቀሰ። ብዙዎቹ ፈንዶች በዚያው ቀን ተመልሰው ሲነሡ ስቶፕ የነበረው ሰው ግን ከታች ሸጦ ወጥቷል። የኒው ዮርክ ስቶክ ኤክስቼንጅ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 26 ቀን 2016 ጀምሮ ስቶፕ ኦርደር መቀበል አቁሟል። ዛሬም ስቶፕ ማስገባት የሚችሉት ብሮከርዎ በራሱ ሲስተም ይዞ ስለሚጠብቅልዎት ነው፤ ስለዚህ በመጨረሻው ግብይት ወይስ በገዢና ሻጭ ዋጋ እንደሚቀሰቅሰው እሱን ይጠይቁ።

በቀን ውስጥ የሚረዳ አንድ አጥር አለ። በትልልቅ አክሲዮኖች ላይ ዋጋው ካለፉት 5 ደቂቃዎች አማካይ 5 በመቶ ከራቀና ለ15 ሰከንድ እዚያው ከቆየ፣ ግብይቱ ለ5 ደቂቃ ይቆማል። ነገር ግን የነቃ ስቶፕዎ እረፍቱን ጠብቆ በመክፈቻው ዋጋ ይሸጣል፤ ያ ዋጋ ደግሞ ከቆመበትም ሊያንስ ይችላል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ስቶፕ ሊሚት አይሻልም?

መልስ፦ ስቶፕ ሊሚት ሲነቃ ወደ ማርኬት ሳይሆን ወደ ሊሚት ኦርደር ይቀየራል፤ ስለዚህ ሌላ አደጋ ነው የሚመርጡት። በዳላሱ ጠያቂ ምሳሌ ስቶፕ 45፣ ሊሚት 44 ቢሰጥ ኖሮ፣ ጠዋት ስቶፑ በ39.10 ይነቃ ነበር፤ ከ44 በታች ስለማይሸጥ ግን አክሲዮኑ እጅ ላይ ይቀራል። ወደ 46 ቢመለስ ደስ ይላል፣ ወደ 30 ቢወርድ ግን ስቶፑ እንደሌለ ነው።

እኔ የምለየው እንዲህ ነው፦ የሚያስፈራዎት መቆየት ከሆነ፣ ለምሳሌ በብድር የተገዛ አክሲዮን፣ ተራው ስቶፕ ይሁን፤ መጥፎ ዋጋ ተቀብለውም ይወጣሉ። የሚያስፈራዎት ለደቂቃዎች ወርዶ የሚመለስ ዋጋ ከሆነ ስቶፕ ሊሚት ያድርጉ፣ በሁለቱ መካከልም ቦታ ይተዉ። አክሲዮኑ በተለመደ ቀን 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም የሚዋዥቅ ከሆነ፣ የ10 ሳንቲም ልዩነት በመጀመሪያው ግፊያ ይታለፋል። ለዓመታት ለሚይዙት ሰፊ ኢቲኤፍ ግን የኔ ምክር ስቶፕ አለማስቀመጥና በስልክ የዋጋ ማስጠንቀቂያ ብቻ ማድረግ ነው። የሌሊቱን ክፍተት ደግሞ ከሁለቱም አንዱ አያቆመውም። ለዚያ የሚሠራው ከውጤት መግለጫ ቀን በፊት የያዙትን ቁጥር መቀነስ ነው፦ 100 የነበረው 40 ቢሆን ኖሮ 1,105ቱ 442 ይሆን ነበር።

ጥያቄ፦ ሪያድ ነኝ። ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ማርኬት ኦርደር አስገብቼ ብሄድ ምን ይሆናል?

መልስ፦ ተሰልፎ ይቆይና የኒው ዮርክ ገበያ ሲከፈት በመክፈቻው ዋጋ ይሞላል። በእኛ አቆጣጠር ያ ሰዓት በበጋቸው ከቀኑ 10:30፣ በክረምታቸው 11:30 ነው። መካከል ላይ ምን ዜና እንደሚወጣ ስለማያውቁ በሊሚት ይላኩት። ሊሚቱ 20 ሆኖ ገበያው በ18.60 ቢከፈት እንኳ የሚገዛልዎት በ18.60 ገደማ ነው፤ በ22 ቢከፈት ደግሞ ሳይገዛ ይቀርና ማታ ከሥራ ሲመለሱ እንደገና ያስቡበታል።