የሕግ ምክር፦ «ይኸኛው ይሻላል»

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በአንድ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ማህበር ቢሮ በጸሐፊነት ከተቀጠርኩ ስምንት ወሬ ነው። ታኅሣሥ ላይ 71 ሰው በተገኘበት ስብሰባ ኮሚናሉ ይከራይ ወይስ አይከራይ የሚል ንግግር ነበር። በመጨረሻ ‹ዋጋውና ውሉ ለነዋሪው ቀርቦ ከጸደቀ በኋላ ይከራይ› ተባለ። እኔ ቃለ ጉባኤውን ሳሳጥር ‹ኮሚናሉ እንዲከራይ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ› ብዬ ጻፍኩት። ለሰብሳቢው በቴሌግራም ስልክለት ‹ይኸኛው ይሻላል› አለኝ። የካቲት ላይ ኮሚቴው ለመጋዘን ለ3 ዓመት አከራየው። አሁን ሰዉ ተጣልቷል። የሚገርመኝ፣ ያን ቀን የተቃወሙት ሳይቀሩ ‹ወስነን ነበር እኮ› ይላሉ። ፋይሉ ኮምፒውተሬ ላይ አለ። የመጀመሪያውን ገጽ አስተካክዬ ዝም ብዬ ልተካው? በወንጀልስ እጠየቃለሁ?»

መልስ

እህቴ፣ እንቅልፍ የነሳሽ ሁለተኛው ጥያቄ ስለሚመስለኝ ከሱ ልጀምር። የወንጀል ሕጉ ከአንቀጽ 375 ጀምሮ ስለ ሐሰተኛ ሰነድ ይናገራል። እዚያ ላይ ፍርድ ቤት የሚፈልገው ዋና ነገር ሐሳብ ነው። የሌላውን መብት ለመጉዳት፣ ወይም ለራስ ወይም ለሌላ ሰው የማይገባ ጥቅም ለማስገኘት ታስቦ ነው ወይ? አሳጥራለሁ ብሎ መሳሳት ብቻውን ወንጀል አይደለም። እያወቁ መጻፍ ግን ሌላ ነው። ያንቺ ጉዳይ ከየትኛው ወገን እንደሚወድቅ የሚወስነው ደግሞ በደብዳቤሽ ያልነገርሽኝ ነገር ነው።

አትቀየሚኝና፣ ሁለት ቦታ ላይ ቆምኩ።

አንደኛው «በሙሉ ድምፅ» የሚለው ነው። ማሳጠር ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። የተቃወሙ ሰዎች እንደነበሩ ራስሽ ጽፈሻል። ታዲያ ሙሉ ድምፁ ከየት መጣ? እጅ ተቆጥሮ ነበር? ወይስ ሁሌ እንደዚያ ስለሚጻፍ ጻፍሽው? ከድሮ ቃለ ጉባኤ ላይ ኮፒ አድርገሽ ከሆነ አይግረምሽ፤ ግማሹ የማህበር ቃለ ጉባኤ እንደዚያ ነው የሚሠራው። ግን እንደዚያ ከሆነ ንገሪኝ፤ የድሮዎቹ ፋይሎች ለመከላከያሽ ይጠቅማሉ።

ሁለተኛው የሰብሳቢው መልስ ነው። «ይኸኛው ይሻላል።» ሰው አንድ ነገር ብቻ ሲቀርብለት «ጥሩ ነው» ይላል። «ይኸኛው» የሚለው ሌላኛው ሲኖር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የላክሽው አለ። እሱ ላይ «ለነዋሪው ቀርቦ ከጸደቀ በኋላ» የሚለው ሐረግ ነበረ ብዬ እገምታለሁ። ከዚያ ስልክ ተደወለልሽ፣ ወይም ቢሮ ገብቶ «ረዘመ፣ አሳጥሪው» አለሽ። ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ። ካልተሳሳትኩ ግን ለሰብሳቢው ስትይ የደበቅሽው ነገር ራስሽን የሚያድንሽ ነው። ስምንት ወር የሠራሽበትን ቢሮ እንጀራ ብለሽ እንደያዝሽው ይገባኛል። ለጠበቃ ግን ግማሽ ታሪክ አይነገርም።

የነዋሪው ነገር እኔን አይገርመኝም። ምስክር ሳቀርብ በየጊዜው የማየው ነው። ከስብሰባው በኋላ ባለው ሳምንት ብትጠይቂያቸው «ውሉን ሳናይ አይሆንም ብለናል» ይሉሽ ነበር። ከዚያ ቃለ ጉባኤው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ ቆመው አነበቡት። ሦስት ወር ሲያልፍ የሚያስታውሱት አዳራሹን ሳይሆን ሰሌዳውን ነው። ሰዎቹ አልዋሹም። መስቀለኛ ጥያቄ ላይ «ይህን ከስብሰባው ነው የሚያውቁት ወይስ ከወረቀቱ?» ብዬ ስጠይቅ ብዙው ሰው ዝም ይላል። ስለዚህ ማህበሩ ውስጥ ለውጡን በልቡ የያዘው ሰው ምናልባት አንቺ ብቻ ነሽ። እጅሽ ላይ ያለው ነገር የሚከብደውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄሽ፦ ገጹን ልተካው?

አትተኪው። ብዙ ደንበኞቼ የወደቁት እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ።

ከዓመታት በፊት የአንድ ማህበር ኮሚቴ ወደኔ መጣ። ቃለ ጉባኤያቸው ሦስት ገጽ ነው። ፊርማው ያለው ሦስተኛው ገጽ ላይ ብቻ ነው። ጸሐፊያቸው በመጀመሪያው ገጽ ላይ የአንድ መዋጮ መጠን ተሳስታ ነበር። ሲነቁ፣ ሰዉን እንደገና ማስፈረም ስለሰለቻቸው፣ ስቴፕለሩን ነቅለው አንደኛውን ገጽ ብቻ እንደገና አተሙና መልሰው መቱት። ልብ በይ፣ አዲሱ ገጽ ላይ የጻፉት ቁጥር እውነተኛው ነበር። ያስተካከሉት ስህተት ነው።

ሌላኛው ወገን ግን የድሮውን ገጽ ከሰሌዳ ላይ በስልክ ፎቶ አንስቶት ኖሯል። ዋናው ቀርቦ ሲታይ ሁለተኛውና ሦስተኛው ገጽ ጥግ ላይ አራት የስቴፕለር ቀዳዳ አላቸው፤ አንደኛው ገጽ ሁለት ብቻ። ወረቀቱም ነጣ ያለ ነው። ከዚያ በኋላ እውነቱን ነው ያስተካከልነው ብለን ብንምል ማን ይስማን? የሦስቱም ገጽ ክብደት አብሮ ወደቀ። እውነት የሆነው ነገር ሐሰተኛ ሰነድ መሰለ፤ ኮሚቴውም ለፖሊስ ቃል እስከመስጠት ደረሰ።

ያንቺም ነገር ያው ነው። ገጹን ብትተኪው የጻፍሽው እውነት ይሆናል፤ የሠራሽው ሥራ ግን የተፈረመበትን ሰነድ በድብቅ መቀየር ነው። እስካሁን «አሳጥሬ ተሳሳትኩ» ማለት የምትችይ ልጅ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሳብሽን የሚያሳይ ማስረጃ በራስሽ እጅ ፈጠርሽ ማለት ነው። በፍሉድ አጥፍቶ መጻፍም ሆነ ሐረጓን በጠባቧ ቦታ መሰንቀር ያው ነው። ስርዝ ድልዝ ያለበትን ሰነድ ባንክም አይቀበልሽም። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የድሮ ፋይል ከፍቶ በላዩ ላይ ሴቭ ማድረግም እንደ ቀላል ነገር አትዪው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚባል አለ። ፋይሉ እንዳለ ይቀመጥ፤ አትንኪው።

ማስተካከል የሚቻለው በአደባባይ ነው። ለኮሚቴው የዛሬን ቀን የያዘ አንድ ገጽ ማስታወሻ ትጽፊያለሽ። የታኅሣሡን ቃለ ጉባኤ ቀንና ቁጥር ትጠቅሻለሽ። የተጻፈውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ታስቀምጫለሽ፤ ከሥሩ በስብሰባው የተባለውን ታሰፍሪያለሽ። አሮጌው አይነሳም፤ አዲሱ ከሱ ጋር ይያያዛል። በቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ መጀመሪያ ላይ ይነበብና ሰዉ ይወስንበት። ማስታወሻውን በሁለት ኮፒ አድርጊና ባንቺ ኮፒ ላይ «ደርሶኛል» አስብለሽ አስፈርሚ። አልፈርምም ካሉሽ በአደራ ፖስታ ላኪውና ደረሰኙን ያዢ። ግን ማስታወሻውን ከመስጠትሽ በፊት ጠበቃ ያንብበው። በጭንቀት የተጻፈ ደብዳቤ ውስጥ አንዲት ያልተገባች ዓረፍተ ነገር ራስን መክሰሻ ትሆናለች።

ከዚህም በፊት ግን ዛሬ ማታ የሚሠራ ሥራ አለ። ቴሌግራም ላይ ሰብሳቢው ያንቺንም የሱንም መልእክት ከሁለታችሁም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል። «ጠፋ» የሚል ምልክት እንኳ አይቀርም። ስለዚህ መጀመሪያ የላክሽውን ፋይል፣ ሁለተኛውን፣ «ይኸኛው ይሻላል» ያለበትንም ቀኑና ሰዓቱ እየታየ ስክሪንሾት አንሺ። መልእክቶቹን ሴቭድ መሴጅ ውስጥ ፎርዋርድ አድርጊያቸው፤ ዋናው ቢጠፋ እዚያ ያለው ይቀራል። ስልክሽን ፎርማት አታድርጊ፤ አትሽጪውም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ መልእክትን ዋጋ አያሳጣውም። «ተቀነባብሯል» ሲባል ግን ስልኩ ራሱ ይፈለጋል። በስብሰባው ላይ በእጅሽ የጻፍሽበት ደብተር ካለ እሱን እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂው። ገጽ እንዳትቀጂ፣ «ግልጽ ላድርገው» ብለሽም እንዳትደግሚበት።

አንድ ነገር ደግሞ አጣሪልኝ። 71ዱ ሰዎች የፈረሙት መቼ ነው? በር ላይ ሲገቡ ከሆነ ያ ፊርማ መገኘታቸውን እንጂ መስማማታቸውን አያሳይም። የስም ዝርዝሩን ከቃለ ጉባኤው ኋላ ሰክቶ የስምምነት ፊርማ ማስመሰል የተለመደ ነው። የወረቀቱ ራስጌ ምን ይላል? «የተሰብሳቢዎች ስም ዝርዝር» ይላል ወይስ «ውሳኔውን የተቀበልን»?

የቀረውን በአጭሩ። የመጋዘኑ ውል ይፈርሳል ወይ የሚለው የነዋሪውና የኮሚቴው ጉዳይ ነው፤ በማህበሩ መተዳደሪያ ደንብና ኮሚቴው በነበረው ሥልጣን ይታያል። ተከራዩ ሳያውቅ ገብቶ ከሆነ እሱም መከራከሪያ ይኖረዋል። አንቺ እዚያ ውስጥ ምስክር እንጂ ተከራካሪ አትሁኚ። ከሥራ ያሰናብቱሽ ይሆን ካልሽም፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በማታለል ምክንያት ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበትን ይፈቅዳል። ለዚህም ነው ማስታወሻው ካንቺ ቀድሞ መውጣት ያለበት። ካሰናበቱሽ አትዘግዪ፤ ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ጊዜው አጭር ነው፣ በወራት የሚቆጠር። ምንም ዓይነት «ጥፋተኛ ነኝ» የሚል ወረቀት ጠበቃ ሳያየው አትፈርሚ፤ ሰብሳቢው በሽማግሌ ቢልክብሽም።

ይህ መልስ ሰነዱን ሳላይ የሰጠሁት ነውና በሱ ብቻ አትሂጂ። ስትመጪ ስልክሽን፣ ደብተርሽን፣ የቅጥር ውልሽንና የማህበሩን መተዳደሪያ ደንብ ያዢ። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ካነሰሽ ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከላት አሉ፤ እነሱም ጋ የምትወስጂው ያንኑ ነው። ዋናውን ቃለ ጉባኤ ግን ከቢሮ ይዘሽ እንዳትወጪ። እዚያው ሁሉንም ገጽ ፎቶ አንሺው፤ ስቴፕለሩ የተመታበትም ጥግ ይታይ።