አባቴ የመኪናዬን ስክሪን መማር አልፈልግም አለኝ

«ሰላም ዶክተር። አባዬ 71 ዓመቱ ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ቮልሱን ሸጠን እኔ በገዛሁት ኤሌክትሪክ መኪና ልጆቼን ትምህርት ቤት እንዲያደርስልኝ ተስማማን። ግን ስክሪኑን ሊማር ፈቃደኛ አይደለም። ስንቴ አሳየሁት! ጠዋት ስንወጣ ሳሳየው "ቆይ ጠብቂ" ይለኛል፣ ስራ ስለሚረፍድብኝ እኔው ነካ ነካ አድርጌ እጨርሰዋለሁ። በድምፅ እዘዘው አልኩት፣ በእንግሊዝኛ ሲያዘው አልሰማው ብሎ ልጆቹ ሳቁበት፣ ከዛ ወዲህ አይሞክረውም። ባለፈው በዝናብ የፊት መስታወቱ ላቦበት በመሀረብ እየጠረገ ነዳ! "ከነዳጁ እግሬን ሳነሳ ራሷ ትይዛለች፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን አያስፈልጋትም" እያለ ለጎረቤት ያወራል፣ እኔን ግን ምንም አይጠይቀኝም። እልኸኛ ሆነብኝ፣ ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ለጎረቤት የሚያወሩትን እንደ ቅሬታ ነው የጻፍሽው፣ ለእኔ ግን ከደብዳቤው ሁሉ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ኤሌክትሪክ መኪና እግርሽን ስታነሺ ሞተሩ ባትሪውን መልሶ እየሞላ መኪናውን ይይዘዋል፣ ከቮልስ ለመጣ እግር ደግሞ ይሄ ቀላል አይደለም፣ መጀመሪያ ሰሞን ተሳፋሪው ሁሉ ወደፊት ነው የሚወረወረው። አባትሽ ይሄን ማንም ሳያስተምራቸው በእግራቸው ደርሰውበት ቁልቁለት ላይ እየተጠቀሙበት ነው። ስለዚህ መማር አይፈልጉም የሚለውን ይቅርታ አድርጊልኝና አልቀበለውም።

ታዲያ እግራቸው የተማረውን ጣታቸው ለምን እምቢ አለ? እግር ሲማር ማንም አያየውም፣ ሲሳሳትም የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ስክሪኑን ግን የሚማሩት አንቺ ሰዓት እያየሽ፣ የልጅ ልጆቻቸው ከኋላ ተቀምጠው ነው። እና ደግሞ «ቆይ ጠብቂ» ብለውሻል እኮ! መማር የማይፈልግ ሰው ጠብቂ አይልም፣ «አንቺው አድርጊው» ነው የሚለው። ሊማሩ ሲሉ የቀደምሻቸው አንቺ ነሽ፣ በክፋት ሳይሆን በጥድፊያ።

በዕድሜ አዲስ ነገር መያዝ ይዘገያል፣ ግን በራስ እጅ ተጀምሮ በራስ እጅ ያለቀ ነገር አእምሮ ውስጥ ይቀራል፣ ሌላ ሰው ሲሰራው የታየ ግን ወዲያው ይጠፋል። የቮልሱን ማርሽ እጃቸው ሳያዩ ያገኘው ነበር፣ ስክሪን ግን ለጥ ያለ ነው፣ ጣት የሚይዘው ነገር የለውም፣ የግድ ማየት አለባቸው። በ71 ዓመት ዓይን መንገዱ ጥርት ብሎ ቢታይ እንኳን ቅርብ ያለው ጽሑፍ ይደበዝዛል። የደረቀ ጣትን ደግሞ ስክሪኑ አንዳንዴ አይሰማውም፣ ደግመው ሲጫኑ ያበሩትን ያጠፉታል፣ አንቺ ከጎን ሆነሽ «አልቻለም» ትያለሽ። የድምፁንም ነገር እንዲያው ተዪው፣ የማያውቃቸውን ማሽን በባዕድ ቋንቋ ልጅ ልጆቻቸው ፊት እየጮኹ እንዲለምኑ ማድረግ ለእኔ ተገቢ አይደለም።

እኔን ያሳሰበኝ መስታወቱ ነው። ሳያዩ መንዳት አደጋ ነው፣ ለልጆቹም ጭምር። ግን እስቲ አስቢው፣ ዳር ይዘው ሊደውሉልሽ ሲችሉ መሀረብ የመረጡት ለምንድን ነው? አንቺን መጠየቅ ዋጋው ስለተወደደባቸው ይመስለኛል። ይሄን ዋጋ ካላወረድሽ ስክሪኑን ቢለምዱት እንኳን ሌላ ነገር ሲቸግራቸው አይነግሩሽም፣ እኔ ከስክሪኑ ይልቅ እሱን ነው የምፈራው።

ከተስማማሽ እሁድ፣ ልጆቹ ቤት ሆነው፣ መኪናው ቆሞ፣ አንድ ነገር ብቻ ተለማመዱ፣ የፊት መስታወት ማድረቂያውን። እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርጊ፣ ቢቆዩም አትንኪ። ራሳቸው ፈልገው ያብሩት፣ ያጥፉት፣ ደጋግመው ያድርጉት፣ በሌላ ቀን እንደገና። ስክሪኑ የሚፈቅድ ከሆነ ፊደሉን አተልቂላቸው፣ ብዙዎቹ መኪኖች በቻይንኛ ስለሚመጡ ቋንቋውንም ካልተቀየረ አስቀይሪው፣ ቦታውን በአማርኛ ወረቀት ላይ ጻፊላቸው። የቀረው ሁሉ ይቆይ። በዝናብ ቀን ግን ይሄ እስኪለመድ ልጆቹን ሌላ ሰው ቢያደርሳቸው ይሻላል። ቁልቁለት ላይ ያለ ፍሬን አነዳዱን ደግሞ እሳቸው ያሳዩሽ፣ ምናልባት አንቺም የማታውቂው ነገር ይኖራል።

በነገራችን ላይ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ በዚህ የሚቸገሩ አባቶች እየበዙ ነው፣ ያንቺ ብቻ አይደለም። አባትሽ ግን ዓይናቸውን ይታዩ። የሚያውቁት መንገድ ከጠፋቸው ወይም የድሮውንም መርሳት ከጀመሩ ነገሩ የስክሪን አይደለም፣ ሐኪም ይያቸው።

«ቮልሱን ሸጠን» ብለሽ አልፈሽዋል። መሸጡ የማን ሐሳብ ነበር? ሲሸጥ ምን አሉ? እኔ ከዚህ ሆኜ ልገምት አልፈልግም፣ ጊዜ ወስደሽ ራሳቸውን ጠይቂያቸው። ዝም ካሉሽ ወይም ወሬው ወደ ጭቅጭቅ ከሄደ ግን አንድ የቤተሰብ አማካሪ ጋር በአካል ብትሄዱ ጥሩ ነው፣ እምቢ ካሉም መጀመሪያ አንቺ ብቻሽን ሂጂ።