«ሁሉም ነጥቦች ጥንድ መስመር ካላቸው» ማለት ይበቃል?

ጥያቄ፦ «ፒያሳ አካባቢ ሒሳብ አስጠናለሁ። ‹ሁሉም ነጥቦች ጥንድ መስመር ካላቸው የኦይለር ዙር አለ› ብዬ ጻፍኩ። ግማሾቹ ልጆች ‹ሁለት ሁለት መስመር› ብለው ተረዱት፤ ግማሾቹ ደግሞ ሁሉንም ደመሩት። የማያሻማው አጻጻፍ የቱ ነው? ዙሩን ማውጣትስ እንዴት አድርጌ ልጻፈው?»

መልስ፦ የኦይለር ዙር እያንዳንዱን መስመር አንዴ ብቻ ሄዶ ወደተነሳበት ነጥብ የሚመለስ መንገድ ነው። ልጆቹ አልተሳሳቱም፤ ዓረፍተ ነገሩ ሁለቱንም ይፈቅዳል። «ጥንድ» ሲባል ቶሎ የሚታየን ሁለት ነገር ነው፦ ጥንድ ጫማ፣ ጥንድ በሬ። አራትንና ስድስትንም ለመጨመር «ተጋማሽ ቁጥር» ይበሉ፤ ከትምህርት ቤት ያውቁታል። «ሙሉ ቁጥር» የሚሉም አሉ፤ ግን ሒሳብ ውስጥ ሌላ ሥራ ስላለው ተማሪን ያደናግራል።

ድምሩ ግን የባሰ ጣጣ አለው። አንድ መስመር ሁለት ጫፍ አለው፤ ስለዚህ በየነጥቡ ያሉትን መስመሮች ቆጥረን ብንደምር እያንዳንዱ መስመር ሁለቴ ይቆጠራል። ድምሩ ምንጊዜም ተጋማሽ ነው ማለት ነው፤ ዙር ኖረም አልኖረም። እንዲህ የተነበበ ሕግ ምንም አይለይም። ስለዚህ «ሁሉም ነጥቦች» ቀርቶ «እያንዳንዱ ነጥብ» ይሁን። እኔ እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«ከየትኛውም ነጥብ ወደ የትኛውም ነጥብ በመስመሮቹ መድረስ ከተቻለ፣ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የሚገናኙት መስመሮች ብዛትም ተጋማሽ ከሆነ፣ ስዕሉ የኦይለር ዙር አለው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ የለውም።»

መጨረሻ ላይ ያለችውን አጭር ዓረፍተ ነገር አይተዉአት። እሷ ከሌለች ተማሪው ሕጉን በአንድ በኩል ብቻ ይዞት ይሄዳል። ምንም መስመር የማይነካው ነጥብ ካለ ደግሞ ከሥዕሉ አስቀድሞ ይውጣ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ነጥብ በገባን ቁጥር በሌላ መስመር መውጣት አለብን፤ እያንዳንዱ ማለፍ ሁለት መስመር ይበላል። ሦስት መስመር ያለው ነጥብ ላይ አንዱ ይተርፋል። የሒሳብ ሊቁ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1736 የኬኒግስበርግ ከተማን ሰባት ድልድዮች ሲመረምር የያዘው ይህንን ነው፤ አራቱም የከተማዋ ክፍሎች ብዛቱ ኢ-ተጋማሽ የሆነ ድልድይ ነበራቸው። ተጋማሽ ከሆነ ዙሩ በእርግጥ እንደሚገኝ የሚያሳየው የሒሳብ ሊቁ የሂርሆልዘር ማስረጃ ግን የታተመው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። የሚጠይቁኝ አወጣጥም የእሱ ነው።

የልጆቹን ሰፈር እንጠቀም። የምንስለው ቀለል ያለ ስዕል ነው፤ የከተማው ካርታ አይደለም። ዘጠኝ መስመር አለን፦ ፒያሳ፣ ስድስት ኪሎና አራት ኪሎ እርስ በርስ ይገናኛሉ። ፒያሳ፣ ለገሃርና ሜክሲኮም እንደዚሁ። አራት ኪሎ፣ ካሳንቺስና መስቀል አደባባይም እንደዚሁ። ፒያሳና አራት ኪሎ አራት አራት መስመር አላቸው፤ ሌሎቹ ሁለት ሁለት። ሁሉም ስለሚገናኙ ዙር አለ።

ከስድስት ኪሎ እንነሳ። ያልተሄደበት መስመር እየመረጥን እንሄዳለን፦ ስድስት ኪሎ–አራት ኪሎ–ፒያሳ–ስድስት ኪሎ። እዚህ መውጫ አጣን። ይህ አያስደነግጥም፤ ሁሉም ተጋማሽ ሲሆን መውጫ የሚታጣው የተነሳንበት ነጥብ ላይ ብቻ ነው። ግን ስድስት መስመር ቀርቷል።

አሁን በሄድንበት መንገድ ላይ ያልተሄደበት መስመር ያለው ነጥብ እንፈልጋለን። አራት ኪሎ አለ። ከዚያ ተነስተን አራት ኪሎ–ካሳንቺስ–መስቀል አደባባይ–አራት ኪሎ እንላለን፤ ይህችን ትንሽ ዙር አራት ኪሎ በተጻፈበት ቦታ እንሰካታለን። ቀጥሎ ፒያሳ ላይ ፒያሳ–ለገሃር–ሜክሲኮ–ፒያሳን እንሰካለን። የመጨረሻው ይህ ነው፦

ስድስት ኪሎ–አራት ኪሎ–ካሳንቺስ–መስቀል አደባባይ–አራት ኪሎ–ፒያሳ–ለገሃር–ሜክሲኮ–ፒያሳ–ስድስት ኪሎ።

ሰረዞቹን ያስቆጥሯቸው፤ ዘጠኝ ካልሆኑ አንዱ ተዘሏል ወይም ተደግሟል።

ሲጽፉ «ያልሄዱበትን ምረጡ» ብለው አያቁሙ። ልጆቹ «ያልሄዱበትን ነጥብ» ብለው ያነቡታል፤ ከዚያ አራት ኪሎን ዳግም መንካት ይፈራሉ፣ መሰካቱም አይሆንላቸውም። «ያልሄዱበትን መስመር» ብለው ይጻፉ፤ መስመር አይደገምም፣ ነጥብ ግን ይደገማል።

አሁን ለገሃርንና መስቀል አደባባይን በአንድ መስመር ያገናኟቸው። ሁለቱም ሦስት ሦስት መስመር ይሆናቸዋል። የሁሉም ድምር 20 ነው፤ ተጋማሽ ነው፤ ዙር ግን የለም። የሚደምሩትን ልጆች ለመመለስ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ኢ-ተጋማሾቹ ሁለት ብቻ ስለሆኑ ግን ከአንዱ ተነስቶ ሌላው ላይ የሚያልቅ ጉዞ ይቀራል። እሱን «ዙር» አይበሉት፤ «የኦይለር ጉዞ» ይበሉት፦ ለገሃር–ሜክሲኮ–ፒያሳ–ለገሃር–መስቀል አደባባይ–ካሳንቺስ–አራት ኪሎ–ስድስት ኪሎ–ፒያሳ–አራት ኪሎ–መስቀል አደባባይ።