«ጸጋዬ ሐሰን» ወይስ «ፀጋዬ ሃሰን»?

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ በማተሚያ ቤት ዲዛይን እሠራለሁ። ለአንድ አባት የሙት ዓመት መታሰቢያ ፎቶ ካርድ ቤተሰቡ በስልክ የላከልኝ ስም «ፀጋዬ ሃሰን» ይላል። አብሮ በመጣው አሮጌ ፎቶ ጀርባ ላይ ግን እሳቸው ራሳቸው «ጸጋዬ ሐሰን» ብለው ጽፈዋል። እንደ እጅ ጽሑፋቸው አረምኩት። ባልደረባዬ «ድምፁ አንድ ነው፤ ምን ለውጥ አለው?» አለኝ። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ እርስዎ ነዎት። ሰው ስሙን በገዛ እጁ ጽፎ ከተወ፣ በስልክ ከተላከ መልእክት ይልቅ እሱ ይታመናል። የቃሉ ሥርም ለእርስዎ ይመሰክራል። «ጸጋ» ከግእዙ «ጸገወ» የወጣ ነው፤ ትርጉሙም ቸረ፣ ሰጠ ማለት ነው። ጎረቤቱ «ጸገየ» አበበ ማለት ሲሆን «ጽጌ»ን ወልዷል። ሁለቱም በጸሎቱ ጸ ይጻፋሉ። ፀሐዩ ፀ ለ«ፀሐይ» እና ለ«ዕፅ» ነው።

የአባት ስም ደግሞ የወሎ ነገር ነው፤ ክርስቲያኑ ልጅ የሙስሊም አባቱን ስም ይዞ ይኖራል። «ሐሰን» ከዐረብኛ ስለመጣ የግእዝ ሥር አይፈለግለትም የሚሉ አሉ። አልስማማም። የዐረብኛው ሓእ የግእዙ ሐመሩ ሐ ወንድም ነው፤ ዐረቡ «ሐይ» የሚለውን ግእዙ «ሕያው» ይለዋል። የወሎ መንዙማ በዐጀም፣ ማለትም አማርኛው በዐረብ ፊደል ሲጻፍ፣ «ሐሰን» በሓእ፣ «ኢብራሂም» በሌላው ሃእ ይጻፋል። አንደበታችን ቢያምታታቸውም የደረሳው ብዕር ለይቷቸዋል። «ሰ»ም እሳቱ ሰ መሆኑ ትክክል ነው፤ ንጉሡ ሠ የሚገጥመው ከዐረብኛው ሺን ጋር ነው፤ የእኛ «ከርሥ» በዐረብኛ «ከርሽ» እንደሚባለው።

ድምፁ አንድ ከሆነ አንድ ፊደል ይበቃል የሚለው ክርክር ለጋዜጣ ጽሑፍ ሊያገለግል ይችላል። ለሰው ስም ግን አይሆንም፤ ስም የሚታወቀው በጆሮ ብቻ ሳይሆን በፊርማም ነው። «ፀጋዬ» ዛሬ በየመታወቂያው እንደሞላ አውቃለሁ። ዓይኔ ባይወደውም፣ ሟቹ ዕድሜያቸውን ሁሉ በፀሐዩ ፀ ቢፈርሙ ኖሮ እንዲያው ይተዉት እል ነበር።

እርማቱ ሳይታተም ለቤተሰቡ ይታይ። ፊደሉን ብቻ እንጂ የፊደሉን ዓይነት አይለውጡ፤ ከዚያም በካርዱ መጠን አንድ ቅጂ በወረቀት አውጥተው ስሙን ከመጨረሻው ፊደል ወደ መጀመሪያው ያንብቡት፤ ዓይን የለመደውን ስም ሲያነብ ስሕተቱን ይዘላል። በደቃቅ ጽሑፍ የፀ መካከለኛ መስመር ሲጠፋ ዐ ስለሚመስል፣ ፀ ሳይለወጥ የቀረበት ቦታ ካለ እዚያ ላይ ይጠንቀቁ። በካርዱ ጀርባ የልጆቹ ስም ከተዘረዘረና እነሱ «ፀጋዬ» እያሉ የሚፈርሙ ከሆነ፣ የእነሱን አይንኩ። በአንድ ካርድ ሁለት አጻጻፍ መታየቱ ያስከፋኛል፤ ነገር ግን ያም የእነሱ ስም ነው።