እንቁላል ሾርባ ውስጥ ሳይጓጉል እንዴት ይገባል? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ሾርባው ወፈር እንዲልልኝ እንቁላል መትቼ ስጨምርበት ወዲያው ፍርፍር ይሆናል። እህታችሁ ግራ ገብቷታል፤ ምን እያጠፋሁ ነው?

መልስ፦ ቀዝቃዛ እንቁላል የሚፈላ ሾርባ ላይ ሲፈስ ገና ሳይበተን እዚያው የወደቀበት ይበስላል። ስለዚህ እንቁላሉን ወደ ሾርባው ከመውሰድሽ በፊት ሾርባውን ወደ እንቁላሉ አምጪው። ለ1 ሊትር ሾርባ 3 አስኳል ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ምቺ። ድስቱን ከእሳት አውርደሽ መንተክተኩ እስኪቆም ጠብቂ። ከዚያ አንድ ጭልፋ መረቅ በቀጭኑ እያፈሰስሽ በሌላው እጅሽ ሳታቋርጪ ምቺ። አደጋው ያለው እዚህች የመጀመሪያዋ ጭልፋ ላይ ነው፤ ከተቻኮልሽ ሳህኑ ውስጥ እያለ ይጓጉላል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጭልፋ ፈጠን ቢል ግድ የለም፤ እንቁላሉ በዚያን ጊዜ ቀጥኗል፣ ሞቋልም። ሳህኑ ከውጭ ሲነካ በደንብ ሲሞቅ፣ ድስቱን እያማሰልሽ መልሰሽ ጨምሪው።

አንድ አንባቢ፦ ይህን ሁሉ ከማድረግ ድስቱን ከእሳት አውርዶ ማፍሰስ ብቻ ይበቃል።

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነው፤ ማውረዱ ያስፈልጋል። ግን ከወረደም በኋላ ሾርባው ከ85 ዲግሪ በላይ ሆኖ ይቆያል፣ አስኳል ደግሞ ብቻውን 70 ዲግሪ አካባቢ ይረጋል። በመረቅ ሲቀጥን ነው የበለጠ ሙቀት የሚችለው።

ጥያቄ፦ መልሼ ካደባለቅኩት በኋላ አልወፈረም። ላፍላው?

መልስ፦ አታፍዪው። በጣም ዝቅተኛ እሳት ላይ መልሰሽ ድስቱን ከሥሩ እየጠረግሽ አማስዪ። የእንጨት ማንኪያውን አውጥተሽ ጀርባውን በጣት ስትሰምሪው መስመሩ ሳይደፈን ከቀረ ደርሷል፤ ቴርሞሜትር ካለሽ 80 ዲግሪ አካባቢ ነው። ወዲያው አውርጂው፤ የድስቱ ትኩሳት ብቻውን ማብሰሉን ይቀጥላል።

ሌላ አንባቢ፦ የእኔ ግን ፈልቶም አልጓጎለም!

መልስ፦ ሾርባው ዱቄት ወይም ሩዝ ነበረበት?

ሌላ አንባቢ፦ አዎ፣ ሁለት ማንኪያ ዱቄት።

መልስ፦ ያዳነሽ እሱ ነው። ስታርቹ የእንቁላሉ ፕሮቲን ቶሎ እንዳይያያዝ ይከላከላል። ያለ ዱቄት ብትደግሚው ይጓጉላል።

ጥያቄ፦ ነጩንስ ለምን እንጥላለን? ሙሉ እንቁላል አይሆንም?

መልስ፦ ይሆናል፤ ግን ነጩ ቀድሞ ስለሚረጋ ክር ክር ይላል። በደንብ ተመትቶ በወንፊት ካለፈ ይሠራል። እኔ አስኳል ብቻ እመርጣለሁ።

አንድ አንባቢ፦ እኔ ግን ሙሉውን ነው የማደርገው፤ ቀለል ይላል።

መልስ፦ የጣዕም ነገር ነው፤ አልከራከርም።

ጥያቄ፦ ከጓጎለ በኋላ መዳኛ አለው?

መልስ፦ ከፊል። ከእሳት አውርደሽ በትንሽ ቀዝቃዛ መረቅ አብርጂውና አጥልዪው፣ ወይም በብሌንደር ፍጪው። ልስላሴው ይመለሳል፤ ውፍረቱ ግን እንደ መጀመሪያው አይሆንም፣ የተጨማደደ ፕሮቲን ውኃውን ለቋልና።